ለፍሪላንስ ዲዛይነሮች፦ ደንበኛ የሚያመጣ ባዮና ፒን የተደረገ የመግቢያ ልጥፍ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

እነዚህን ጥያቄዎች በግላቸው የሚሠሩ የግራፊክ ዲዛይነሮች ደጋግመው ይጠይቁኛል። መልሶቹ በአየር ላይ እንዳይቀሩ አንድ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ። አዲስ አበባ ሆና ለቡና፣ ለማርና ለቅመማ ቅመም አምራቾች ማሸጊያ የምትነድፍ ዲዛይነር አለች እንበል። ኢንስታግራም ላይ ገጽ፣ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ቻናል አላት። ሥራዋ ጥሩ ነው፤ የሚደርሳት መልእክት ግን አብዛኛው «ስንት ነው?» ተብሎ እዚያው የሚቀር ነው።

ባዮውና ፒን የተደረገው ልጥፍ ሥራቸው ምን ይለያል?

ባዮውን የሚያነበው ሰው ስለ እርስዎ ገና ምንም አያውቅም። ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እኔ የምፈልገውን ሥራ ይህ ሰው ይሠራል ወይስ አይሠራም? ፒን የተደረገውን ልጥፍ የሚከፍተው ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘ ሰው ነው። አሁን የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ስንት ያስወጣኛል፣ ምን እረከባለሁ፣ በስንት ቀን ያልቃል፣ እንዴት እንጀምራለን?

ብዙ ገጾች የሚበላሹት ሁለቱ ቦታ ሲለዋወጡ ነው። ባዮው በስልክ ቁጥር፣ በቅናሽ ማስታወቂያና በአገልግሎት ዝርዝር ይጨናነቃል፤ ፒን የተደረገው ልጥፍ ደግሞ ዲዛይነሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ሥዕል ይወድ እንደነበር ይተርካል። መጀመሪያ የመጣው ሰው ምን እንደሚሠሩ ሳያውቅ ይሄዳል፤ አውቆ የገባው ደግሞ የሚፈልገውን ሳያገኝ ይወጣል።

ምን እንደምጽፍ አላውቅም፤ ከየት ልጀምር?

ከውስጥ መስመርዎ ይጀምሩ። ቀብድ ከከፈሉ ደንበኞች ጋር የተጻጻፉትን ይክፈቱና ሰዎቹ ገንዘቡን ከመላካቸው በፊት የጠየቁትን ሁሉ ወረቀት ላይ ይገልብጡ። በራስዎ ቋንቋ አያስተካክሉት፤ እንደጻፉት ይውሰዱት። ማሸጊያ የምትነድፈው ዲዛይነር ይህን ብታደርግ የምታገኛቸው ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል እነዚህ ናቸው፦ «ህትመቱንም ይጨምራል?»፣ «ስንት አማራጭ ይታየኛል?»፣ «ባልወደውስ?»፣ «ሎጎ የለኝም፤ እሱስ?»፣ «ለበዓል ይደርሳል?»፣ «ዋናውን ፋይል ይሰጡኛል?»

ፒን የሚደረገው ልጥፍ ረቂቅ ይኸው ነው። ጥያቄዎቹ የመጡበትን ቅደም ተከተል ልብ ይበሉ፤ ልጥፉም በዚያው ቅደም ተከተል ቢሄድ ለአንባቢው ይቀለዋል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ «ስንት ዓመት ሠርተዋል?» ወይም «በየትኛው ሶፍትዌር ነው የሚሠሩት?» የሚል አይገኝም ማለት ይቻላል። እነዚህን አጥብቀው የሚጠይቁት ቀጣሪ ድርጅቶችና የሙያ ባልደረቦች ናቸው፤ ማሩን ማሰሮ ውስጥ አድርጎ መሸጥ የሚፈልግ ሰው አይደለም።

ገና ብዙ ደንበኛ ካላስተናገዱ በሙያው ያለ ሌላ ሰው ደንበኞች ምን እንደሚጠይቁት ይንገርዎ፤ ወይም ማሸጊያ አሠርቶ የሚያውቅ ነጋዴ ፈልገው መጀመሪያ ምን ምን ማወቅ ፈልጎ እንደነበር ይጠይቁት።

ባዮው ላይ በትክክል ምን ይግባ?

ለማን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚሠሩ፣ የት እንዳሉና ቀጥሎ የት እንደሚሄድ። ከዚህ ያለፈው ሁሉ ቦታ ካለ የሚጨመር ነው።

የዲዛይነሯ የቀድሞ ባዮ ይህን ይመስላል እንበል፦

«የፈጠራ ሰው። ለዲዛይን የተፈጠርኩ። ህልምዎን ወደ እውነት እቀይራለሁ። ጥራት መለያችን ነው።»

ይህን ጽሑፍ አንድ የሠርግ አስጌጭ፣ አንድ የቤት ዕቃ አምራችና አንድ ፎቶ አንሺ ቢወስዱት ከአንድ ዓረፍተ ነገር በቀር ምንም መቀየር አያስፈልጋቸውም። ባዮዎን ሲጽፉ ይህን መፈተሻ ይጠቀሙ፦ ሌላ ሙያ ያለው ሰው ሊወስደው የሚችለው ዓረፍተ ነገር ካለ ያውጡት። ከላይ ያለው ባዮ በዚህ ሲፈተሽ «ለዲዛይን የተፈጠርኩ» የምትለው ብቻ ትተርፋለች፤ እሷም የምን ዲዛይን እንደሆነ አትናገርም።

አዲሱ ደግሞ ይኸውና፦

«ለቡና፣ ለማርና ለቅመማ ቅመም አምራቾች የማሸጊያና የሌብል ዲዛይን እሠራለሁ። ከንድፍ እስከ ማተሚያ ቤት። አዲስ አበባ። ዋጋና አሠራር ፒን በተደረገው ልጥፍ አለ።»

ክፍት ቦታውን ጨምሮ 102 ፊደል ነው፤ ኢንስታግራም የሚፈቅደው 150 ነው። «ከንድፍ እስከ ማተሚያ ቤት» የምትለዋን ሐረግ በተለይ እወዳታለሁ፤ ምክንያቱም የአምራቹን ትልቅ ስጋት ትነካለች። ብዙ አምራች ስክሪን ላይ ያማረ ንድፍ ተቀብሎ ማተሚያ ቤት ሲደርስ አረንጓዴው ደብዝዞ፣ ጠርዙ ተቆርጦ አይቷል ወይም ከሌላ ሰው ሰምቷል። ሐረጓ እስከዚያ ድረስ አብሬህ አለሁ ትለዋለች። ግን እውነት መሆን አለባት። ናሙና ሲወጣ ማተሚያ ቤት የማይሄድ ዲዛይነር ይህን ባይጽፍ ይሻለዋል።

ኢንስታግራም ላይ ከባዮው በላይ በደማቁ የሚታየው የስም ቦታም አለ። ሰው ሲፈልግ ከሚታዩት ውስጥ ይህ ቦታ አንዱ ስለሆነ ስምዎን ብቻ ጽፈው አይተዉት፤ ከስሙ አጠገብ ሥራውን ይጨምሩ፣ «የማሸጊያ ዲዛይን» ብለው። ሰዎች በተለያየ ፊደል የሚጽፉትን ቃል እዚያ ባያስገቡ ይመረጣል። «ዓርማ» ብለው ቢጽፉ «አርማ» ብሎ የሚፈልገው ሊያጣዎት ይችላል፤ «ማሸጊያ» እና «ዲዛይን» ግን አብዛኛው ሰው በአንድ ዓይነት ፊደል የሚጽፋቸው ናቸው። ኢንስታግራም ይህን ስም በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ መቀየር ስለማይፈቅድ አስቀድመው አስበውበት ይግቡ።

ሁሉንም ዓይነት ዲዛይን እሠራለሁ። አንዱን ብቻ ብጽፍ ሌላው ሥራ አይቀርብኝም?

የተወሰነው ይቀርብዎታል፤ ይህን መካድ አይገባም። የሠርግ ካርድ ሊያሠራ የመጣ ሰው «የቡናና የማር ማሸጊያ» የሚል ሲያይ ሊመለስ ይችላል። ነገር ግን የቡና ከረጢት ሊያሠራ የመጣው ሰው በዚያው ልክ ትክክለኛው ቦታ እንደደረሰ ያውቃል። «ሎጎ፣ ፍላየር፣ ባነር፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ቲሸርት፣ የሠርግ ካርድ፣ ማሸጊያ» የሚል ዝርዝር ሲያይ ግን ከሌሎቹ ብዙ ገጾች የሚለየው ነገር አያገኝምና በዋጋ ብቻ ያወዳድርዎታል።

ባዮው የሚናገረው በብዛት እንዲመጣልዎ ስለሚፈልጉት ሥራ ነው። ሌላውን መሥራት አያቆሙም፤ የሚያውቅዎ ሰው የሠርግ ካርድ ሲያዝዝዎ ይሠራሉ። የቤት ኪራዩ በሠርግ ካርድ የሚሸፈን ከሆነ ደግሞ የሠርግ ካርዱን ባዮው ላይ ያድርጉት። ምርጫው ከገቢዎ ጋር መታረቅ አለበት፤ ከምኞት ጋር ብቻ አይደለም።

ቦታው አይበቃኝም፤ በየመድረኩ ገደቡ ስንት ነው?

ፊደላችን በዚህ በኩል ይረዳናል። አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ በአማርኛ አንድ ሐሳብ ከላቲን ፊደል ባነሰ ቦታ ይገባል። ቴሌግራም ላይ ክፍያ ለማይከፍል ተጠቃሚ የግል ባዮ ገደቡ 70 ነው። ከላይ ካለው ባዮ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርና «አዲስ አበባ።» የሚለውን ብቻ ብንወስድ 57 ይሆንና ይገባል። የቴሌግራም ቻናል መግለጫ ደግሞ እስከ 255 ስለሚፈቅድ ሙሉው ባዮ ይገባና ቦታ ይተርፋል።

ኤክስ ላይ ግን ይጠንቀቁ። እዚያ ልጥፍ ሲጻፍ ከላቲንና ከበርካታ ሌሎች ጽሕፈቶች ውጪ ያለ ፊደል ሁሉ እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ የእኛም ፊደል እዚህ ውስጥ ነው። ስለዚህ ክፍያ ለማይከፍል ሰው የተፈቀደው 280 ለአማርኛ ጸሐፊ 140 ያህል ነው። ኢንስታግራም ላይ የሠራውን የመግቢያ ልጥፍ ገልብጦ እዚያ መለጠፍ አይቻልም፤ ለኤክስ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ፎቶና አንድ ሊንክ ይበቃል።

በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ?

ደንበኛዎ በምን ቋንቋ መልእክት እንደሚጽፍልዎ ይዩ። አገር ውስጥ የሚሸጥ አምራች በአማርኛ የሚጽፍልዎ ከሆነ ባዮውም ልጥፉም በአማርኛ ይሁን። ዋሽንግተን አካባቢ ቡና ቆልተው ወይም በርበሬ አሽገው ለሚሸጡ ወገኖች የሚሠሩ ከሆነ ግን ሁኔታው ትንሽ ይለያል። ሰውየው በአማርኛ ያወራዎታል፤ ማሸጊያው ላይ ግን ሁለቱም ቋንቋ ይኖራል፤ ገጽዎን ደግሞ አማርኛ ለማያነብ ሸሪኩ ማሳየት ሊፈልግ ይችላል። በዚህ ጊዜ ባዮውን በአማርኛ ይጻፉና የስሙ ቦታ ላይ ሥራውን በላቲን ፊደል ያድርጉት፤ `packaging design` ብሎ የሚፈልገውም ያገኝዎታል። ፒን የሚደረገውን ግን አንድ ልጥፍ ውስጥ በሁለት ቋንቋ ከመደራረብ ሁለት የተለያየ ልጥፍ ማድረግ ይሻላል። ኢንስታግራም እስከ ሦስት ልጥፍ ፒን ማድረግ ይፈቅዳል፤ ቦታው አይጠብም።

ፒን የተደረገው ልጥፍ በምን ይጀምር?

በደንበኛው ጉዳይ። ይህ የጨዋነት ምክር ብቻ አይደለም፤ ስክሪኑ የሚያስገድደው ነገር ነው። ቴሌግራም ቻናል ላይ ፒን የተደረገ መልእክት ከላይ በቀጭን መስመር ይታያል፤ መስመሩም የሚያሳየው የጽሑፉን የመጀመሪያ ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ልጥፉ «ሰላም ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች እንደምን ሰነበታችሁ» ብሎ ከጀመረ ቻናሉን የከፈተ ሰው ሁልጊዜ ከላይ የሚያየው ሰላምታ ነው። «የቡና፣ የማር ወይም የቅመማ ቅመም ማሸጊያ» ብሎ ከጀመረ ግን መስመሩ ራሱ የሱቅ ታፔላ ሆኖ ያገለግላል። ኢንስታግራምም ጽሑፉን ከጥቂት መስመር በኋላ ስለሚያጥፈው ዋናው ነገር ከታች ከሆነ ብዙ ሰው አያየውም።

ሰላምታውን መተው እንደ ንቀት የሚሰማቸው አሉ፤ ስሜቱ ይገባኛል። ሰላምታው ግን ሰውየው መልእክት ሲልክልዎ በሚመልሱለት ውስጥ ይግባ፤ እዚያ ከልብ የመጣ ይሆናል።

አንድ ሙሉ ምሳሌ ሊያሳዩን ይችላሉ?

የዲዛይነሯ ልጥፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ዋጋዎቹ ለማሳያ የገቡ ናቸው፤ የራስዎን ይተኩ።

«የቡና፣ የማር ወይም የቅመማ ቅመም ማሸጊያ ማሠራት ለምትፈልጉ፦ ዋጋው፣ የሚፈጀው ጊዜና አጀማመሩ እዚህ አለ።

ፎቶው ላይ ያለው የግማሽ ኪሎ የቡና ከረጢት ነው። ደንበኛዬ ቀድሞ ነጭ ከረጢት ላይ ስቲከር ይለጥፍ ነበር፤ መደርደሪያ ላይ ሲቆም ስሙ ከሩቅ አይነበብም ነበር። ስሙን በትልቁ አወጣሁት። የተቆላበትን ቀን በማኅተም ስለሚመታ ለማኅተሙ የሚበቃ ባዶ ቦታ ተውኩ። የአየር ማስወጫው ቫልቭ ፊደል ላይ እንዳያርፍ ጽሑፉን ዝቅ አደረግሁት።

ሥራው የሚያካትተው፦ የፊትና የኋላ ንድፍ በሁለት አማራጭ፣ በተመረጠው ላይ ሁለት ዙር እርማት፣ ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀ ፒዲኤፍና ዋናው ፋይል። የህትመት ዋጋ አይጨምርም፤ የመጀመሪያው ናሙና ሲወጣ ግን ሄጄ ቀለሙን አያለሁ።

ዋጋ፦ ለአንድ ምርት ከ20,000 ብር ጀምሮ። ለተመሳሳይ ምርት ተጨማሪ መጠን ለእያንዳንዱ 5,000 ብር። ሎጎ ከሌላችሁ ለብቻው እንነጋገራለን። ዋጋው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይጸናል።

ጊዜ፦ ጽሑፉና ቀብዱ ከደረሰኝ በኋላ 12 የሥራ ቀን።

ለመጀመር፦ የምርቱን ስም፣ የተጣራ ክብደቱን፣ የከረጢቱን ወይም የማሰሮውን ፎቶና ገበያ የሚወጣበትን ቀን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ግማሹ በቀብድ ይከፈላል፤ ቀሪው ዋናው ፋይል ከመላኩ በፊት።»

ቴሌግራም ላይ ክፍያ የማይከፍል ሰው ከፎቶ ጋር የሚለጥፈው ጽሑፍ ከ1,024 ፊደል ማለፍ አይችልም፤ ይህ ናሙና በዚያ ውስጥ ይገባል። የእርስዎ ከረዘመ የሚያጥረው ስለ ሥራው የሚተርከው ሁለተኛው አንቀጽ ነው እንጂ የሚካተተውና የማይካተተው አይደለም።

ሁለት ነገር ላይ ልቆይ። አንደኛው ሁለተኛው አንቀጽ ነው። «ዘመናዊና ማራኪ» የሚል ቃል የለበትም፤ ያለው ችግርና የተወሰደ እርምጃ ነው። የቫልቩ ነገር ለዲዛይነሯ ትንሽ ሊመስላት ይችላል፤ ቡና ለሚቆላ ሰው ግን ይህች ሴት ሥራዬን ታውቃለች የሚያሰኘው እሱ ነው። የተቆላ ቡና ጋዝ ስለሚያወጣ ከረጢቱ ቫልቭ ያስፈልገዋል፤ ቫልቩ በስም መካከል የተበሳ ከረጢት የያዘ ሰው ደግሞ ያንን አይረሳም። ከእያንዳንዱ ሙያ እንዲህ ያለ ደንበኛው ብቻ የሚያውቀው ዝርዝር ይወጣል። ለምግብ ቤት ሜኑ የሚሠራ ስለ ደብዛዛ መብራት፣ የመጽሐፍ ሽፋን የሚሠራ ስለ ጀርባው ውፍረት ይጻፍ።

ሁለተኛው የመጨረሻው አንቀጽ ነው። «አነጋግሩኝ» ብቻ አይልም፤ ምን ይዘው እንደሚመጡ ይነግራቸዋል። አራቱን ነገር አሟልቶ የሚልክ ሰው ለመግዛት የተዘጋጀ ነው፤ ዲዛይነሯም መልስ ለመስጠት አሥር ጊዜ መጠያየቅ አይኖርባትም። «ገበያ የሚወጣበት ቀን» የተጠየቀው በተለይ ለበዓል የሚደርሱ ሥራዎች ስላሉ ነው። ለገና ይደርሳል ተብሎ በታኅሣሥ አጋማሽ የሚመጣ ሥራ ንድፉ ቢያልቅ እንኳን ማተሚያ ቤቱ ወረፋ ላይ ይቆማል።

ዋጋ ልጻፍ ወይስ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ልበል?

መነሻ ዋጋ ይጻፉ። «በውስጥ መስመር» የሚል ልጥፍ ሁለት ዓይነት ሰው ያጣል፦ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ይሆናል ብሎ የሚያፍረውንና ለመጠየቅ ጊዜ የሌለውን። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ጥሩ ከፋዩ ነው። ተፎካካሪ ዋጋዬን ያይብኛል የሚሉ አሉ፤ ማወቅ የፈለገ ተፎካካሪ ግን እንደ ደንበኛ ሆኖ ጠይቆ ያገኘዋል።

ሲጽፉ ዋጋውን ከሚያካትተው ነገር አይለዩት። ባዶ «20,000 ብር» ውድ ይመስላል፤ ከሁለት አማራጭ፣ ከሁለት ዙር እርማትና ከዋናው ፋይል አጠገብ ሲቀመጥ ግን ሰው የሚመዝነው ነገር ያገኛል። የእርማቱን ዙር ቁጥር መጻፍ በተለይ እርስዎንም ይጠብቃል፤ ካልተጻፈ «ትንሽ ብቻ አስተካክይልኝ» ማብቂያ የለውም።

የህትመት ዋጋን ግን ልጥፉ ላይ አያስገቡ። ወረቀቱ፣ ፕላስቲኩና ቀለሙ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ማተሚያ ቤቶች ዋጋቸውን ቶሎ ቶሎ ይቀያይራሉ። ባለፈው ወር የጻፉት የህትመት ዋጋ ዛሬ ከእርስዎ ኪስ ሊወጣ ነው። ለንድፉ ዋጋም ቢሆን የሚጸናበትን ቀን መጻፍ ያስፈልጋል፤ አሮጌ ስክሪን ቅጂ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ጋር ከመከራከር ያድናል። ዋጋውን ፎቶው ላይ አይጻፉት፤ ጽሑፉ ውስጥ ይሁን። ኢንስታግራም የተለጠፈን ጽሑፍ ማረም ይፈቅዳል፤ ፎቶውን ግን በሌላ መተካት አይፈቅድም።

የድርጅትን ሙሉ ገጽታ እንደ መንደፍ ያለ ሰፊ ሥራ መነሻ ዋጋ ሊሰጠው የማይችል ከሆነ ዋጋው በምን እንደሚወሰን ይጻፉ፦ በምርቱ ብዛት፣ በሚፈለገው የጽሑፍ ቋንቋና በጊዜው።

የትኛውን ፎቶ ላስቀድም?

የታተመውን፣ እጅ ላይ ወይም መደርደሪያ ላይ ያለውን። በኮምፒውተር የተሠራ የማሳያ ምስል ሁልጊዜ ያምራል፤ ስለዚህ ምንም አያረጋግጥም። የታተመ ከረጢት ፎቶ ላይ መታጠፊያው፣ የብርሃኑ ነጸብራቅ፣ የማኅተሙ ቀለም ይታያል፤ አምራቹ ያንን ያምናል። ሁለተኛው ፎቶ የቀድሞው ማሸጊያ ይሁን፤ ግን ደንበኛውን አስፈቅደው። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ኢንስታግራም የገጹን ፎቶዎች በካሬ ሳይሆን በቁመት፣ 3 ለ 4 በሆነ ልክ ስለሚያሳይ በካሬ የተዘጋጁ የቆዩ ሽፋኖች ግራና ቀኛቸው ይቆረጣል፤ ፒን ያደረጉት ላይ ጽሑፍ ካለ ገጽዎን ከፍተው ይመልከቱት።

ገና አንድም ደንበኛ የለኝም፤ ምን ላሳይ?

የልምምድ ሥራ ያሳዩ፤ የልምምድ መሆኑንም ይጻፉ። የታወቀ ድርጅትን ሎጎ ወስዶ ማሸጊያውን እንደገና መሥራት ግን አልመክርም፤ ሰው የድርጅቱ ሠራተኛ ይመስሉታል፤ እውነቱን ሲያውቅ ሌላውንም ይጠራጠራል።

መርካቶ ሄደው አንድ ባዶ የቡና ከረጢት ይግዙ። በማስመሪያ ይለኩት፤ መታጠፊያዎቹንና ቫልቩ ያለበትን ቦታ ይመዝግቡ። ለሌለ ምርት ስም ያውጡና ንድፉን በትክክለኛው ልክ ይሥሩ፤ አንድ ቅጂ በስቲከር ወረቀት አሳትመው ይለጥፉበትና መስኮት አጠገብ ፎቶ ያንሱት። ከዚያ ልጥፉ ላይ ምን ችግር እንደገጠመዎትና እንዴት እንደፈቱት ይጻፉ። ደንበኛው የሚፈልገው ከረጢት ታውቃለህ ወይ ለሚለው መልስ ነው፤ ይህ ሥራ ይመልስለታል።

ስልክ ቁጥር ልጻፍ ወይስ ሊንክ?

ሊንክ፤ የሚነካ ሊንክ። ኢንስታግራም ላይ በልጥፉ ጽሑፍ ውስጥ የተጻፈ ሊንክ አይከፈትም፤ ባዮው ላይ ባለው የሊንክ ቦታ የገባው ግን ይከፈታል። ቴሌግራም ላይ መጠቀሚያ ስም ካወጡ ቁጥርዎን ሳይሰጡ ያገኙዎታል። ውጭ አገር ያሉ ደንበኞች ዋትስአፕ ከመረጡ ሊንኩ እንዲህ ይጻፋል፤ የአገር ኮዱ አለ፣ የመደመር ምልክቱና ከፊት ያለው ዜሮ የለም፦

```
https://t.me/መጠቀሚያ_ስምዎ
https://wa.me/2519XXXXXXXX
```

`wa.me/09` ብሎ የሚጀምር ሊንክ አይሠራም፤ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ከሌላ ሰው ስልክ ነክተው ይሞክሩት። አንድ መንገድ ብቻ ይስጡ፤ ቢበዛ ሁለት። አምስት አድራሻ ያየ ሰው የትኛውን እንደሚያዩ አያውቅም።

እየሠራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በተከታዮች ብዛት አይለካም። የሚለካው በሚደርስዎት የመጀመሪያ መልእክት ዓይነት ነው። «ሰላም፣ ስንት ነው?» ይል የነበረው መልእክት «የ250 ግራም የማር ማሰሮ አለኝ፣ ፎቶው ይኸውና፣ ለገና እንዲደርስ ነው» ወደሚል ከተቀየረ ልጥፉ ሥራውን ይዟል።

ካልተቀየረ ምልክቶቹ ይለያያሉ። የሚመጡት የማይሠሩትን ሥራ የሚጠይቁ ከሆኑ ጉድለቱ ባዮው ላይ ነው፤ ሰፍቷል ወይም ግልጽ አይደለም። ትክክለኛዎቹ ሰዎች መጥተው ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ከጠየቁ መልሱ ልጥፉ ውስጥ የለም ወይም ከታች ተቀብሯል፤ ወደ ላይ ያውጡት። መነሻ ዋጋውን አንብበው መጥተው ትክክለኛው ዋጋ ሲነገራቸው ከጠፉ መነሻው ከእውነተኛው በጣም ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ማንም የማይመጣ ከሆነ ግን ባዮውንም ልጥፉንም አያሰቃዩት፤ ገጹን የሚያየው ሰው የለም። ያ በሌላ መንገድ ይፈታል፦ ማተሚያ ቤቶችን፣ የከረጢት ሻጮችንና የቀድሞ ደንበኞችን ሊንኩን ለሚጠይቃቸው ሰው እንዲሰጡ በመጠየቅ።

ልጥፉን በየሳምንቱ መቀያየር አያስፈልግም። ዋጋው ሲለወጥ፣ የተሻለ የታተመ ሥራ ሲገኝ ወይም አዲስ ጥያቄ ሲደጋገም ያርሙት። ቴሌግራም ቻናል ላይ የራስዎን ልጥፍ እዚያው ማረም ስለሚቻል ሊንኩን ቀድሞ የያዘ ሰውም አዲሱን ዋጋ ያያል፤ አጥፍተው እንደ አዲስ ከለጠፉት ግን የያዘው ሊንክ ባዶ ይሆንበታል።